የመኖ ዋጋ ንሮ የወተት ዋጋ ልጨምር ነው፤ ለደንበኞቼ የጻፍኩትን ደብዳቤ እዩልኝ

የሰበታዋ ላም አርቢ

እንደምን ሰነበታችሁ። በሰበታ ዙሪያ ስድስት የሚታለቡ ላሞች፣ ሁለት የነጠፉ ላሞችና ሦስት ጊደሮች አሉኝ። ጥጆቹ ከሚጠጡት የሚተርፈውን በቀን 50 ሊትር ያህል ወተት ለ25 ቋሚ ቤቶች በየማለዳው አደርሳለሁ። ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ የአንድ ሊትር ዋጋ ከ75 ብር ወደ 88 ብር ከፍ ማድረግ የግድ ሆኖብኛል። ወተቱን የሚያደርሰው ልጅ በየበሩ ቆሞ «ጨምሯል» ብሎ እንዲሄድ አልፈለግሁም፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ላስረዳቸው ብዬ ከታች ያለውን ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። ከመላኬ በፊት አስተያየታችሁን እሻለሁ፤ በተለይም ቁጥሮቹ በዝተው እንደሆነ ንገሩኝ።

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ 88 ብር እንደሚሆን በአክብሮት እናሳውቃለን። የጭማሪው ምክንያት መኖ ነው። 75 ብር የሚለውን ዋጋ ባለፈው ኅዳር ስንወስን አንድ ኪሎ ፉርሽካ በ24 ብር፣ አንድ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ በ38 ብር፣ አንድ እስር ድርቆሽ ደግሞ በ180 ብር እንገዛ ነበር። ዛሬ ፉርሽካው 31 ብር፣ ፋጉሎው 52 ብር፣ ድርቆሹ 260 ብር ገብቷል። ከብቶቻችን በቀን 24 ኪሎ ፉርሽካ፣ 14 ኪሎ ፋጉሎና 5 እስር ድርቆሽ ይበላሉ። በዚህ ስሌት የቀን የመኖ ወጪያችን ከ2,008 ብር ወደ 2,772 ብር ደርሷል፤ ልዩነቱ 764 ብር ነው። ይህ ለ50 ሊትር ሲካፈል በአንድ ሊትር ላይ ከ15 ብር በላይ ይሆናል። እኛ ከዚህ ውስጥ 13 ብሩን ብቻ ጨምረን ቀሪውን ራሳችን ለመሸከም ወስነናል። ስለ ታማኝነታችሁ ከልብ እያመሰገንን፣ እንደምትረዱን ተስፋ እናደርጋለን።»

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ እኔ ወተት ሻጭ ሳልሆን ገዢ ነኝ፤ የምጽፈውም በዚያው ወገን ሆኜ ነው። የኪሎውን ዝርዝር ሳነብ መሃል ላይ ድክም ብሎኛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከወር ደመወዛችን ላይ ስንት እንደሚወጣ ነው። በቀን አንድ ሊትር ለሚወስድ ቤት ጭማሪው በወር 390 ብር፣ ሁለት ሊትር ለሚወስድ ደግሞ 780 ብር መሆኑን በግልጽ ቢጽፉት ሰው ወዲያውኑ ይወስናል፤ ወይ ይቀበላል፣ ወይ ግማሽ ሊትር ይቀንሳል። ሌላው ነገር፣ ዋጋ የጨመረ ሻጭ ሁሉ መኖን ምክንያት ያደርጋል። እኔን የሚያሳምነኝ ወተቱ እንዳልተነካ ማወቄ ነው። ባለፈው ዓመት እንወስድበት የነበረ ሌላ ሰው ዋጋ ሳይጨምር ቆየ፤ ወተቱ ግን ሲፈላ ስልባቦት መያዝ አቆመ። ከዚያ ጭማሪው ይሻለን ነበር።

ከሰንዳፋ

ስለ ደብዳቤው ሳይሆን ስለ ድርቆሹ ልጠይቅ። 260 ብር የሚሸጥልዎ ማን ነው? እኛ ዘንድ 300 ብር ተጠርተናል፤ እስሩም ከበፊቱ ያነሰ ነው። ከዚያ የሚጭን መኪና ካለ አድራሻውን ቢነግሩኝ።

የሰበታዋ ላም አርቢ

ወንድሜ፣ የሻጩን ስልክ በግል መልእክት እልክልዎታለሁ። እዚህ የጻፍኩት 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው እስር ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ሲያወዳድሩ በእስር ቁጥር ሳይሆን በሚዛን ያወዳድሩ።

እህቴ፣ የወር ስሌቱን በእርግጥ እጨምራለሁ። ስለ ወተቱ አለመነካት ግን እንዴት ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኛል፤ «ውኃ አንጨምርም» ብዬ ብጽፍ ያልተጠረጠርኩበትን እንደ መካድ አይመስልም?

አተላ ይሻላል

የእኔ ሐሳብ ደብዳቤውን ጨርሶ የሚያስቀር ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ የሚገዛ ሰው ዛሬ አያተርፍም። በሰበታ ዙሪያ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት አለ፤ የአረቄና የጠላ አተላም ከየቤቱ ይገኛል። ዋጋው ከፉርሽካ ጋር አይወዳደርም፤ ላሞችም ይወዱታል፤ ወተትም ይጨምራል። ግማሹን ቅልቅል በዚህ ቢተኩት ደንበኞችዎን በጭማሪ ማስቸገር አያስፈልግዎትም። ካልሆነም ለእያንዳንዷ ላም ከሚሰጡት ላይ አንድ ኪሎ ቢቀንሱ ማንም አያውቀውም።

ነባሩ ከሆለታ

ብዙ ዓመት በእንስሳት መኖ ላይ ሠርቻለሁ፤ በሁለቱም ነጥቦች ላይ ጥቂት ልበል።

የቢራው ተረፈ ምርት ጥሩ መኖ ነው፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን እርጥቡ ሲገዛ ከሚዛኑ ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ኪሎ ጭነው ሲያመጡ ለላሟ የሚደርሳት ደረቅ መኖ 25 ኪሎ ቢሞላ ነው፤ የጭነቱ ኪራይ ግን ለ100 ኪሎው ይከፈላል። ለፋብሪካው በር ቅርብ የሆነ ሰው ያተርፍበታል፤ ራቅ ያለው ግን ዋጋውን በደረቁ አስልቶ ከፉርሽካ ጋር ማስተያየት አለበት። ከዚያም በላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይኮመጥጣል፤ በክረምት ደግሞ ይሻግታል። አተላውም የዛሬው ወፍራም፣ የነገው ቀጭን ነው፤ በየቀኑ እኩል ወተት ማድረስ ያለበት ሰው በእሱ ላይ ብቻ ሊተማመን አይችልም። ከፊሉን መተካት ይቻላል፤ ግማሹን ግን አልመክርም።

ሁለተኛው ምክር ግን ጉዳት አለው። ጠያቂዋ በሰጡት ዋጋ አንድ ኪሎ ቅልቅል 39 ብር ገደማ ይወጣዋል። በደንብ እየታለበች ካለች ላም ላይ አንድ ኪሎ ቢነሳ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ወተት ይጎድላል። 39 ብር ለማትረፍ ከ110 ብር በላይ ማጣት ማለት ነው። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ገና የወለደች ላም መኖ ሲያንሳት ለጥቂት ሳምንታት ከራሷ ሥጋ እየቀነሰች ትታለባለች። ጎኗ ላይ የጎድን አጥንቷ መቆጠር ሲጀምር፣ የዳሌ አጥንቷም ሲያገጥጥ፣ ያን ጊዜ ወተቱ ወርዷል፤ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜም ዘግይቷል። ሳትጸንስ የምትቆይባቸው ወራት ደግሞ ወተት ሳትሰጥ የምትቀለብባቸው ወራት ሆነው በሚቀጥለው ዓመት ይመጣሉ። ሊቀነስ የሚችለው ለመንጠፍ ከተቃረበችው ላም ላይ ነው፤ እሷ በቀን አራት ሊትር እየሰጠች የአሥራ አራት ሊትር ላም ድርሻ ልትበላ አይገባም።

እህቴ፣ ለስድስቱም እኩል ነው የሚሰጡት ወይስ በምርታቸው ልክ?

የሰበታዋ ላም አርቢ

በምርታቸው ልክ ነው። በአማካይ አምስት አምስት ኪሎ ይደርሳቸዋል፤ በቅርብ የወለዱት ሁለቱ ሰባት ኪሎ ሲበሉ፣ ልትነጥፍ የደረሰችው ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ ታገኛለች። ከዚህ በኋላ የሚቀነስ ቦታ አላገኘሁም። የቢራውንም ሞክሬዋለሁ፤ መኪናው በሚመጣበት ሳምንት ጥሩ ነው፤ በቀረበት ሳምንት ግን ላሞቹ ከለመዱት በድንገት ስለሚቀየርባቸው ወተቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ነባሩ ከሆለታ

እንግዲያው መኖው በአግባቡ ተይዟል፤ ወደ ደብዳቤው ልመለስ። እኔ በደብዳቤው ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ይመስለኛል። ሁለት ጠባያቸው የማይመሳሰል ወጪዎችን በአንድ ላይ ደምረዋል።

ድርቆሽ በየዓመቱ ወቅት ጠብቆ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነው። ሣሩ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ያን ጊዜ ርካሽ ነው። ከዚያ እስከ ክረምቱ መጨረሻ እየተወደደ ይሄዳል። የኅዳርን ድርቆሽ ከግንቦት ድርቆሽ ጋር ካወዳደሩ ምንጊዜም ጭማሪ ያገኛሉ። ደንበኛዎ ይህን ካወቀ «ባለፈው ዓመትስ በክረምት ተወዶ አልነበረም? ያኔ ለምን አልጨመራችሁም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው።

ፉርሽካና ፋጉሎ ግን የሌላ ኢንዱስትሪ ጥላ ናቸው። ፉርሽካ የሚገኘው ዱቄት ፋብሪካ ስንዴ ሲፈጭ ነው፤ ስንዴ አጥሮት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚፈጭ ፋብሪካ የሚያወጣው ፉርሽካ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ፋጉሎም የሚገኘው ኑግ ሲጨመቅ ነው። ኑጉ በፍሬው ወደ ውጭ ከተሸጠ፣ ገበያውም ከውጭ በሚገባ የፓልም ዘይት ከተሸፈነ፣ ዘይቱ ሲመጣ ፋጉሎው ግን አብሮት አይመጣም። እነዚህ ኅዳር ስለገባ የሚረክሱ አይደሉም።

በእርስዎ ቁጥር ቢለያይ ከ764 ብሩ ውስጥ 364 ብሩ የፉርሽካና የፋጉሎ ነው፤ በሊትር 7 ብር ከ28 ሳንቲም ይሆናል። 400 ብሩ የድርቆሽ ነው፤ በሊትር 8 ብር። እኔ ብሆን ለደንበኞቼ የምጽፈው 7 ብሩ የሚቆይ ጭማሪ እንደሆነ፣ 6 ብሩ ግን የድርቆሽ ጭማሪ ሆኖ አዲሱ ሣር ሲገባ ተመልሶ እንደሚታይ ነው።

የሰበታዋ ላም አርቢ

አባቴ፣ «ባለፈው ዓመትስ?» ለሚለው መልስ አለኝ። ባለፈው ዓመት በኅዳር የገዛሁት ድርቆሽ እስከ ሐምሌ ድረስ ወሰደኝ፤ ስለዚህ የክረምቱ ዋጋ የነካኝ ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ያንን ራሴ ቻልኩት። ዘንድሮ ግን በመከሩ ጊዜ የነበረው ዋጋ ራሱ ከፍ ስላለ በእጄ የነበረው ገንዘብ የበቃው እስከ ሚያዝያ ለሚዘልቅ ክምር ብቻ ነው። አሁን በየሳምንቱ በገበያው ዋጋ እየገዛሁ ነው። ለዓመት የሚያስፈልገኝ ወደ 1,800 እስር ይሆናል፤ በ180 ብር እንኳ 324,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ይጠይቃል።

ዋጋውን ለሁለት መክፈሉን ወድጄዋለሁ። የምፈራው ቃል መግባቱን ነው። በኅዳር ድርቆሹ ወደ 180 ባይመለስስ?

ነባሩ ከሆለታ

ዋጋው እንደሚወርድ ቃል አይግቡ፤ መለኪያውን ይንገሯቸው። «አንድ እስር ድርቆሽ ከ200 ብር በታች ከገባ የሊትሩ ዋጋ 82 ብር ይሆናል» ብለው ይጻፉ። ያኔ ቃልዎ በገበያው ላይ ሳይሆን በራስዎ አሠራር ላይ ይሆናል።

ሱቅ አለኝ

እኔ በዚህ አልስማማም። ሠላሳ ዓመት በንግድ ኖሬአለሁ፤ ደንበኛ አንድ ዋጋ ነው የሚፈልገው። 82 ሲደመር 6 ብለው ሲጽፉለት 6ቱ የተጨመረበት አድርጎ ያየዋል፤ በየወሩም «ድርቆሽ ስንት ገባ?» እያለ ይጠይቅዎታል። ዋጋ ማውረድም እንደ መጨመር ቀላል አይደለም። በኅዳር ወደ 82 አውርደው በሚቀጥለው ሰኔ ወደ 90 ቢመልሱት ሁለተኛው ጭማሪ ከመጀመሪያው የበለጠ ያስቆጣል። 85 ብር ብለው ዓመቱን ሙሉ ቢያጸኑት ለእርስዎም ለእነሱም ይቀላል ባይ ነኝ።

የሁለት ልጆች እናት

ለእኔ በተቃራኒው ነው። ዋጋ ያወረደ ነጋዴ አይቼ ስለማላውቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቢያወርዱ ዕድሜ ልኬን ከእሳቸው አልወጣም።

ላክቶሜትር ይግዙ

ስለ ውኃው ጉዳይ የተነሳውን ልመልስ። ላክቶሜትር የወተትን ጥግግት የሚለካ ርካሽ መሣሪያ ነው። ወተቱ ውስጥ ሲገባ ከ28 እስከ 32 ባለው መካከል ከቆመ ንጹሕ ነው፤ ከዚያ በታች ከወረደ ውኃ ገብቶበታል። በየቀኑ ለክተው ቁጥሩን ከወተቱ ጋር ቢልኩ ክርክሩ ሁሉ ያበቃል።

ነባሩ ከሆለታ

ውኃ ብቻ የጨመረውን ይይዘዋል፤ ሁለቱን ያደረገውን ግን አይይዘውም። ቅባት ቀላል ስለሆነ ስልባቦቱ የተገፈፈ ወተት በላክቶሜትር ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ከዚያ ውኃ ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመለሳል። መሣሪያውም በ20 ዲግሪ ሙቀት ግድም እንዲነበብ ነው የተሠራው፤ ገና ከጡት የወጣ ትኩስ ወተት ሳይነካ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ከስልባቦቱ ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ወተቱ በረጅም ብርጭቆ በቀዝቃዛ ቦታ ሲያድር ከላይ የሚቀመጠው ቅባት የትናንቱንና የዛሬውን ያሳያል።

ከውኃው ይልቅ በደብዳቤው ውስጥ እንዲገባ የምፈልገው ግን የሻገተ ፋጉሎ ነገር ነው። ፋጉሎ በተወደደ ቁጥር በየመጋዘኑ ጥግ የቆየው፣ እርጥበት የነካው፣ በርከስ ባለ ዋጋ ይወጣል። ሲሰብሩት ውስጡ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ ይታያል፤ እምክ እምክ ይሸታል። አንዳንዴም ለዓይን ምንም ሳያሳይ ይመረዛል። በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በላሟ በኩል አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተደረገ ጥናት በወተት ውስጥ ከተገኘው መርዝ ጀርባ ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ደንበኛው የማይቀምሰውና የማያየው ጉዳት ስለሆነ፣ ሻጭ ይህን ርካሽ ፋጉሎ እያበላ ዋጋ ሳይጨምር ሊቆይ ይችላል። «ውኃ አንጨምርም» ከማለት ይልቅ «ፋጉሎ የምንገዛው ትኩስ ከተጨመቀው ነው፤ በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ አድርገን እናስቀምጣለን፤ የሻገተውንም እንጥላለን» ቢሉ ክስ እንደ መመለስ ሳይሆን አሠራርን እንደ መንገር ይሆናል።

ዶሮ አርቢ ከቢሾፍቱ

ይህን ሁሉ ሳነብ የእኔም ችግር መሆኑ ገባኝ፤ ዶሮዎቼ የሚበሉት ግማሹ በቆሎ ነው፤ እሱም እንዲሁ ነው። እንቁላል ግን በደብዳቤ አይሸጥም፤ ነጋዴው የቀኑን ዋጋ ነግሮኝ ይጭናል። እርስዎ የሚጽፉላቸው 25 ቤቶች ስላሉዎት ዕድለኛ ነዎት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ሰኔ 1 የሐዋርያት ጾም የሚገባበት ሰሞን ነው፤ በጾም መግቢያ ዋጋ መጨመር አያሸሽም?

የሰበታዋ ላም አርቢ

የሰኔን ጾም ከደንበኞቼ የሚጾሙት ጥቂት ቤቶች ናቸው፤ የሚከብደኝ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ላሟ አትጾምም፤ ወተቱ ይታለባል፤ ገዢው ግን ይቀንሳል። የተረፈውን እርጎ አድርጌ፣ ቅቤውንም አውጥቼ ለፋሲካ አቆየዋለሁ፤ ያም ሆኖ የመኖውን ወጪ አይሸፍንም። ጾሙን ሳይሆን የድርቆሹን ክምር ማለቅ ስለተከተልኩ ቀኑ ሰኔ 1 ላይ ወደቀ።

ደብዳቤውን በምክራችሁ አስተካክዬዋለሁ። የመኖውን ዝርዝር ጀርባው ላይ አድርጌ ለሚፈልግ ብቻ አስቀርቼዋለሁ። ፊቱ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ የአንድ ሊትር ወተት ዋጋ 88 ብር ይሆናል። በቀን አንድ ሊትር ለሚወስድ ቤት ጭማሪው በወር 390 ብር ነው። ከጭማሪው 7 ብሩ በፉርሽካና በፋጉሎ መወደድ የመጣ ስለሆነ የሚቆይ ነው። 6 ብሩ ግን የድርቆሽ ነው፤ በኅዳር አዲሱ ድርቆሽ ሲገባ አንድ እስር ከ200 ብር በታች ከገዛን የሊትሩን ዋጋ 82 ብር እናደርጋለን፤ የገዛንበትንም ዋጋ በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን። ለላሞቹ የምንሰጠውን መኖ አልቀነስንም፤ የሻገተ ፋጉሎም አናበላም። መጋዘኑንም አስተላለቡንም ማየት የሚፈልግ ደንበኛ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቢመጣ ደስ ይለናል። የሚወስዱትን መጠን መቀነስ የሚፈልጉ እስከ ግንቦት 25 ድረስ ወተት ለሚያደርሰው ልጅ ይንገሩት።»

የሁለት ልጆች እናት

ይህ ይገባኛል። አንድ ነገር ልጨምር። የኅዳሩ ክምር ገንዘብ ካጠረዎት፣ በጥቅምት መጨረሻ የአንድ ወር ሒሳብ በቅድሚያ እንድንከፍል ለምን አይጠይቁንም? ሁለት ሁለት ሊትር የምንወስድ 25 ቤቶች በ82 ብር ብንከፍል 123,000 ብር ይሆናል።

ነባሩ ከሆለታ

በ180 ብር ከሆነ ከ680 እስር በላይ ይገዛል፤ የአራት ወር ተኩል ቀለብ ነው። ከሚያዝያ በኋላ ላለው ጊዜ ቢቀመጥ በየእስሩ 80 ብር ይድናል። ግን ጣሪያ የማያፈስ፣ ወለሉም ከመሬት ከፍ ያለ ማከማቻ ይፈልጋል፤ ክረምት የገባበት ድርቆሽ ከላይ ደርቆ ከሥር ይበሰብሳል።

ሱቅ አለኝ

የሰው ገንዘብ በቅድሚያ መቀበል ሌላ ነገር ነው። ላም ብትታመም፣ ክምሩ እሳት ቢነካው፣ ወተቱን ከየት ያደርሳሉ? ቢያንስ ለእያንዳንዱ ቤት ደረሰኝ ይስጡ፤ ወተቱ ካልደረሰም ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፉ።

የሰበታዋ ላም አርቢ

ይህን አሁን በደብዳቤው ውስጥ አላስገባውም፤ ዋጋ በጨመርኩበት ወረቀት ላይ ብድር የጠየቅሁ እንዳይመስል። ማከማቻው ለ1,000 እስር ይበቃል፤ ጣሪያው ግን በምሥራቁ በኩል ቆርቆሮ መቀየር ይፈልጋል። በመስከረም ሠርቼው ከጨረስኩ ጥያቄውን ለእነሱ ከማቅረቤ በፊት መጀመሪያ እዚሁ አቀርበዋለሁ። ደብዳቤው ነገ ይታተማል።